የ45 ቀን ክትባት፦ ሁለት መርፌና ሁለት የአፍ ክትባት በአንድ ቀን አይበዛበትም?

የናቲ እናት (ማራኪ)፣ እሁድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄን በዚህ ሳምንት ክርስትና አነሳነው። ነገ 45 ቀኑ ነው፤ ጤና ጣቢያ ቀጠሮ አለን። ነርሷ ስትነግረኝ ነገ አራት ነገር ይወስዳል፦ ፔንታ የሚባለው አምስት በሽታ የሚከላከለው መርፌ በአንዱ ጭኑ፣ ፒሲቪ የሚባለው የሳንባ ምች ክትባት በሌላው፣ ከዚያ የፖሊዮ ጠብታና የተቅማጥ መከላከያው ሮታ በአፉ። ልጁ ገና 4.2 ኪሎ ነው።

አማቴ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ አጥተዋል። «ደሙ ያልጠና ልጅ ይህን ሁሉ በአንድ ቀን እንዴት ይችለዋል? መከላከያው ይደክምና ሌላ በሽታ ይይዘዋል» ይላሉ። የጎረቤታችን ልጅ ከዚሁ ክትባት በኋላ ሌሊቱን ሙሉ ግሎ ሲያለቅስ ሰምተናል። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ።

ክትባት አልፈልግም አላልኩም። ማወቅ የምፈልገው ነገ ፔንታውን ብቻ አስወግቼ ፒሲቪውን ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ የአፉን ደግሞ ሌላ ቀን ባደርገው ይቀለዋል ወይ የሚለውን ነው። እንዲህ ያደረገ አለ?

ብርሃኑ (አዘዞ)

እህቴ አትፍሪ። እኔ በዚህ ጉዳይ ብዙ አንብቤያለሁ። ዋናው ነገር የመርፌው ብዛት ሳይሆን በውስጡ ያለው አንቲጂን ነው፤ ማለትም ሰውነት አይቶ የሚማርበት የተህዋሲያኑ ቁራጭ። በአሜሪካ በ1980 የልጆች ክትባት 7 ዓይነት ነበር፤ በውስጡ ወደ 3 ሺህ የሚጠጋ አንቲጂን ነበረው። በ2000 ክትባቱ ወደ 11 ዓይነት ቢያድግም አንቲጂኑ ተደምሮ 125 አካባቢ ብቻ ሆነ። ክትባቱ ስለተጣራ ነው። ስለዚህ የዛሬ ልጆች ከእኛ በጣም ያነሰ ነው የሚወስዱት። አማትሽን ይህን ንገሪያቸው።

አያት ከቀሀ

የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ። ልጄ፣ እኔ ሰባት ወልጃለሁ። ሁለቱን ኩፍኝ ወሰደብኝ፤ አንዱ ገና መሄድ እየጀመረ ነበር። ያኔ በእኛ አገር ክትባት የሚባል አልደረሰም። ስለዚህ አታስከትቢው የሚልሽን አትስሚ።

ግን አማትሽም ዝም ብለው አይደለም የፈሩት። አራስ ልጅ ነገር አይችልም። እኛ እንኳ አራስ ቤት ሰው እንዳይበዛ እንከለክላለን። በአንድ ቀን አራት ነገር ሲባል እኔንም ሆዴን ባር ባር ይለዋል። የሚያውቅ ሰው ያስረዳን።

ሲስተር ከክትባት ክፍል

የናቲ እናት፣ 11 ዓመት ክትባት ክፍል ሠርቻለሁ። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። ግን መጀመሪያ የብርሃኑን ቁጥር ማስተካከል አለብኝ። ሐሳቡ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ግን የእኛ አይደለም።

አሜሪካኖች ቁጥሩን ያወረዱት የትክትክን ክትባት በመቀየር ነው። ድሮ የትክትክ ባክቴሪያ ሙሉ አካሉ ተገድሎ ነበር የሚሰጠው። በኋላ ጥቂት የተመረጡ ፕሮቲኖችን ብቻ ወደያዘው ዓይነት ተሻገሩ። እኛ አገር የሚሰጠው ፔንታ ግን እስከዛሬ ሙሉውን የተገደለ ባክቴሪያ የያዘው ነው። ስለዚህ የናቲ ፔንታ ውስጥ 3 ሺህ አካባቢ አንቲጂን አለ። «ዛሬ 125 ብቻ ነው» ብለን እናት ብናጽናና፣ ነገ እሷው አንብባ ስትደርስበት ሌላውንም ነገራችንን አታምነንም።

የናቲ እናት

ሲስተር፣ 3 ሺህ ነው ያሉት? አሁን ይባስ ፈራሁ።

ሲስተር ከክትባት ክፍል

ገባኝ እህቴ። ቁጥሩን የነገርኩሽ ለማስፈራራት አይደለም። ያሰብሽው መከፋፈል ለምን እንደማይጠቅም የሚያሳይሽ ይኸው ቁጥር ስለሆነ ነው።

3 ሺህ ያልኩሽ ከሞላ ጎደል በአንዱ መርፌ፣ በፔንታው ውስጥ ነው ያለው። ፒሲቪው ሳንባ ምችና ማጅራት ገትር የሚያመጣውን ባክቴሪያ የላይ ሽፋን ይዟል፤ እንደ ዓይነቱ 10 ወይም 13 ሽፋን፣ ከዚያ ሽፋኑን የሚሸከም ፕሮቲን። የፖሊዮ ጠብታውና ሮታው ደግሞ እያንዳንዳቸው በጣት የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች ያሏቸው ትንንሽ ቫይረሶች ናቸው። እንግዲህ ነገ ፔንታውን አስወግተሽ ሌሎቹን ብታቆዪ፣ ትልቁን ነገ ሰጥተሽዋል ማለት ነው። ያስቀረሽለት ኢምንቱን ነው። ሸክም የሚባል ነገር ቢኖር እንኳ በዚህ መንገድ አይቀልለትም።

አሁን ወደ ሸክሙ ልምጣ። መከላከያ አንድ በሬ ሆኖ ጭነት ሲበዛበት የሚወድቅ ይመስለናል። እንዲያ አይደለም የሚሠራው። በልጅሽ ደም ውስጥ ሚሊዮኖች ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዱ ሴል የሚያውቀው አንድ ቅርጽ ብቻ ነው። የመንጋጋ ቆልፍን ቅርጽ የሚያውቀው ሴል ሲነቃ፣ የፖሊዮውን የሚያውቀው አይደክምም፤ ተራውንም አይጠብቅም። ሸማኔው ሥራ ስለበዛበት ወፍጮ ቤቱ ጋ ወረፋ አይረዝምም። የነቁት ሴሎች ይባዛሉ፤ በቦታቸው ሌሎች በየቀኑ ይወለዳሉ።

3 ሺህ የሚለው ቁጥር ልጁ በየቀኑ ከሚያየው ጋር ሲተያይ ምን ያህል ነው? ናቲ ከማህፀንሽ ሲወጣ ሆዱ ውስጥ ባክቴሪያ አልነበረም ማለት ይቻላል። በቀናት ውስጥ ግን ከቆዳሽ፣ ከጡትሽ፣ ከአየሩ የመጡ እጅግ ብዙ ባክቴሪያዎች አንጀቱን ሞሉት። አንዷ ባክቴሪያ ብቻዋን ሺህዎች ፕሮቲን አላት። በክርስትናው ዕለት ስንት ሰው ሳመው? ያን ቀን ያየው የባዕድ ነገር ዓይነት ከነገው ክትባት ይበልጣል።

ደግሞ ይህ የትክትክ ክትባት አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም በ1980 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ጀምሮ ነው የሚሰጠው። በ2007 እ.ኤ.አ. ፔንታ ሲመጣ የጉበት ቫይረሱና የማጅራት ገትሩ ተጨመሩበት እንጂ የትክትኩ ክፍል ያው ነው። አንቺ ተከትበሽ ከሆነ ይህንኑ ወስደሻል።

ትዕግሥት (አራዳ)

እኔ አንቺ ያሰብሽውን አድርጌዋለሁ። ሁለተኛዋ ልጄ ላይ። የሆነውን ልንገርሽ።

በ45 ቀኗ ፔንታና ጠብታውን ብቻ አስወሰድኳት፤ ፒሲቪውን ከሁለት ሳምንት በኋላ። ሁለተኛው ፔንታ ከመጀመሪያው አራት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ ስለዚህ ፒሲቪውን ካስወጋኋት ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ለፔንታው ተመለስኩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ፒሲቪ። እንዲህ እያልኩ በየሁለት ሳምንቱ ጤና ጣቢያ ነበርኩ። በአራተኛው ላይ ልጅቷ ጉንፋን ያዛት፤ እኔው ራሴ አስቀረኋት። በኋላ ሲነግሩኝ ቀላል ጉንፋን አያስቀርም ነበር። ቀጥሎ በዓል ሆነ። ከዚያ መንገድ የተዘጋበት ሳምንት መጣ። በሦስት ወር ተኩል ማለቅ የነበረበት ሦስተኛው ፔንታ በ6 ወር ከ10 ቀኗ ሆነ።

ትኩሳቱ ደግሞ አልቀረላትም። በፔንታው ቀን ሁልጊዜ ትግል ነበር። በፒሲቪው ቀን ትኩሳት አልነበራትም፤ ግን መርፌው ነውና ታለቅሳለች። በአምስት ወሯ ላይ ጎረቤት ያለ ልጅ ሳል ይዞት ፊቱ እስኪጠቁር ሲያስለው፣ ልጄን ይዤ ለሳምንት ከቤት አልወጣሁም። ሳሉ ትክትክ ይሁን አይሁን በላቦራቶሪ አልታየም። እኔ ግን ያንን ሳምንት አልረሳውም።

ሲስተር ከክትባት ክፍል

ትዕግሥት የነገረችን በሥራዬ የማየው ነው። የናቲ እናት፣ እስቲ ቁጠሪው። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ፔንታ ሦስት ጊዜ፣ ፒሲቪ ሦስት፣ ጠብታ ሦስት፣ ሮታ ሁለት፣ በ14 ሳምንት ደግሞ የፖሊዮ መርፌ አንድ። በጠቅላላው 12 ነው፤ ሦስት ጊዜ መጥተሽ ታልቂያለሽ። አንድ በአንድ፣ በየሁለት ሳምንቱ ይሁን ብትዪ 12 ጊዜ ትመጫለሽ፤ የመጨረሻው ልጁ 28 ሳምንት ሲሆነው ነው። ስድስት ወር ተኩል ማለት ነው።

ትክትክ ደግሞ ይህን አይጠብቅም። የሚገድለው በብዛት የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ያልጨረሱትን ነው። ትንሹ ልጅ እንደ ትልቁ እየሳለ «ው» ብሎ አይስብም፤ መተንፈስ ያቆምና ፊቱ ሰማያዊ ይሆናል። እናት ሳል መሆኑን እንኳ ላታውቅ ትችላለች። በ6 ሳምንት የተጀመረው ለዚህ ነው።

ደሳለኝ (ወደ ጭልጋ መንገድ)

ጥያቄው ስለ ዘመቻው ጠብታ ነው አይደል? የእኔ ልጅ ማክሰኞ በካርዱ ጠብታ ወሰደ፤ ዓርብ ደግሞ ዘመቻ ብለው ቤት ድረስ መጥተው ደገሙት። ጣቱ ላይ ቀለም ቀቡት። ሁለት ጊዜ መሆኑን ስንነግራቸው «ችግር የለውም» አሉ። እውነት ነው? ይህ ነው መብዛት ማለት።

ሲስተር ከክትባት ክፍል

ወንድሜ ደሳለኝ፣ የእሷ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ግን ያንተም መመለስ አለበት። እውነት ነው፣ አይጎዳውም። ጠብታው አንጀት ውስጥ ነው የሚሠራው። አንዳንዱ ልጅ በመጀመሪያው አይዝለትም፤ ስለዚህ ይደጋገማል። የዘመቻው ግን የካርዱን አይተካም። ቀጣዩ ቀጠሮህ እንዳለ ነው።

ፋርማሲ (ሳሙና በር)

ስለ ትኩሳቱ እኔ ልጨምር፤ ብዙ ስህተት የማየው እዚያ ላይ ስለሆነ።

መጀመሪያ፣ ከመሄድሽ በፊት «እንዳይግል» ብለሽ ፓራሲታሞል አትስጪው። ቼክ አገር ውስጥ 459 ሕፃናት ላይ የተሠራና በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ሳይግላቸው አስቀድሞ ፓራሲታሞል የተሰጣቸው ልጆች ትኩሳታቸው ቀነሰ፤ ግን ለአንዳንዶቹ ክትባቶች ያመረቱት መከላከያም አነሰ። ስለዚህ ከጋለና ከተጨነቀ በኋላ ነው የሚሰጠው።

ሁለተኛው መጠኑ ነው። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። ናቲ 4.2 ኪሎ ከሆነ ከ42 እስከ 63 ሚሊግራም ይሆናል። ሽሮፑ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ሚሊግራም ያለበት ከሆነ 2 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል፤ በሲሪንጅ ለክተሽ። በቡና ማንኪያ አትገምቺ። ከዚያም ቢያንስ 6 ሰዓት ሳይሞላ አትድገሚው። ጠርሙሱን አንብቢ፤ ሌላ መጠን ያለው ሽሮፕም ስላለ። ገና ሁለት ወር ስላልሞላው ደግሞ ከመስጠትሽ በፊት መጠኑን ክትባት ክፍል ላለችው ነርስ አረጋግጪ።

በጣም የምፈራው በመቀመጫ የሚሰጠውን ነው። ወላጆች መጥተው «የሕፃን» ይሉናል፤ 125 ሚሊግራሙን ይዘው ይሄዳሉ። ለናቲ ያ ከሚገባው ሁለት እጥፍ ነው።

ብርሃኑ (አዘዞ)

ሲስተር፣ ስለ ቁጥሩ እርማት አመሰግናለሁ። የአሜሪካ መሆኑን አይቼ ነበር፤ የእኛ ፔንታ የተለየ መሆኑን ግን አላወቅሁም።

አንድ ነገር ልጠይቅ። አንድ ላይ ሲሰጡ ፈጽሞ አይነካኩም ማለት ነው? ሮታና የፖሊዮ ጠብታ ሁለቱም ሕያው ሆነው በአንድ አንጀት ነው የሚገናኙት።

ሲስተር ከክትባት ክፍል

ጥሩ ቦታ ነካህ። ይነካካሉ። ጠብታው የመጀመሪያውን ሮታ ምላሽ ትንሽ ያዳክመዋል፤ በጥናት የታየ ነው። በሁለተኛው ዶዝ አብዛኛው ይካካሳል። ልብ በል፣ ይህ መከላከያው ስለደከመ አይደለም፤ ሁለቱ ቫይረሶች አንጀት ውስጥ ቦታ ስለሚሻሙ ነው። ልጁን አይጎዳውም፤ የሚቀንሰው የክትባቱ ጉልበት ነው።

ሌላም አለ። ፒሲቪ ከፔንታ ጋር አብሮ ሲሰጥ፣ ፔንታ ብቻውን ከሚሰጥበት ይልቅ ትኩሳት ትንሽ ይበዛል። ይህንን አልደብቅም። የትኩሳቱ ዋና ምንጭ ግን ያው ሙሉው የትክትክ ባክቴሪያ ነው፤ ከሽፋኑ ላይ ያለው ነገር ሰውነትን ያግለዋል። መጋሉ መከላከያው ሥራ መጀመሩን ነው የሚያሳየው፤ መውደቁን አይደለም።

ብርሃኑ (አዘዞ)

እንግዲያው ሮታን ከጠብታው በሁለት ሳምንት መለየት ይሻላል ማለት አይደለም?

ሲስተር ከክትባት ክፍል

ላቦራቶሪ ውስጥ ብትጠይቀኝ ምናልባት። እኛ ጋ ግን የሚለየው ልጅ ስንት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል? ክትባት ክፍል የሚሠሩ ባልደረቦቼም በዚህ ላይ አይስማሙም። እኔ የመጣልኝን ልጅ ሳልሰጠው አልሸኝም።

አያት ከቀሀ

ልጄ ሲስተር፣ አስረዳሽኝ። ግን አንድ ነገር ቀረኝ። የናቲ አያት «ሌላ በሽታ ይይዘዋል» ነው ያሉት። ከክትባቱ በኋላ ባለው ሳምንት ልጅ ሲታመም አይቻለሁ። እሱስ?

ሲስተር ከክትባት ክፍል

እማማ፣ ልክ ብለዋል፤ ይታመማሉ። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በየጊዜው ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ይይዘዋል። በ6፣ በ10፣ በ14 ሳምንት ስለምንከትብ ከክትባት ሳምንት ጋር መገጣጠሙ አይቀርም። ጥያቄው ብዙ የወሰዱት ልጆች ጥቂት ከወሰዱት የበለጠ ይታመማሉ ወይ ነው። ይህን በአሜሪካ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ፈትሾታል። ወደ 940 ልጆች ናቸው። እስከ ሁለት ዓመታቸው የወሰዱትን አንቲጂን ደምረው፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት ክትባት በማይከላከላቸው ኢንፌክሽኖች መታመማቸውን ተከታተሉ። ልዩነት አልተገኘም። የታመሙትም ያልታመሙትም የወሰዱት እኩል ነበር።

የእነሱ ክትባት ከእኛ የተለየ መሆኑን ቅድም ራሴ ስለተናገርኩ አሁንም እናገራለሁ። ያ ጥናት ስለ ሙሉው የትክትክ ባክቴሪያ በቀጥታ አይናገርም።

የናቲ እናት፣ ለነገ ሌሊት ይህን ያዢ። ትኩሳቱ በዚያው ቀን ወይም ማታ ይጀምራል፤ ከሁለት ቀን አያልፍም። ጭኑ ቢያብጥና ቢቀላ በንጹሕ ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዢለት፤ ቅቤም ቅጠልም አታድርጊበት። ጡት ደጋግመሽ ስጪው። ጡት እምቢ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳያቋርጥ ካለቀሰ፣ ወይም ነጥቶ ከዛለ ሌሊትም ቢሆን ውሰጂው። ትኩሳቱ ሁለት ቀን ካለፈ ወይም ከ39 ከበለጠም እንዲሁ። ይህን ሁሉ «ክትባቱ ነው» ብሎ ማለፍ አደገኛ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ትኩሳት ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ከባድ ነገር ከታየበት ደግሞ ከሚቀጥለው መርፌ በፊት ለነርሷ ንገሪያት፤ ቀጣዩን ፔንታ የሚያስቀሩ ጥቂት ነገሮች አሉ።

የናቲ እናት፣ ረቡዕ

ተመልሻለሁ። አራቱንም ወሰደ። አማቴ አብረውኝ መጡ። ነርሷ መጀመሪያ የአፉን ሰጠችው፤ መርፌው መጨረሻ ሆነ። ሁለቱን መርፌዎች በተለያየ ጭን፣ ተከታትለው፤ ሁለቱም ሲያልቅ እያጠባሁት ነበር። ለቅሶው ጡት ሲይዝ አበቃ።

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጋለ፤ 38.4 ነበር። ሽሮፑ 120 የሚለው ስለነበር፣ ነርሷም ስላረጋገጠችልኝ፣ 2 ሚሊ ሊትር ሰጠሁት። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ ጠባ፤ ተኛ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ትኩሳቱ አልነበረም። በግራ ጭኑ፣ ፔንታው በገባበት፣ ትንሽ ጠንካራ እብጠት አለ። ስነካው ይቆጣል።

አማቴ ሌሊቱን አብረውኝ ነቅተዋል። ጠዋት «ለዚህስ ቻለው» አሉ። በ14 ሳምንቱ ሦስት መርፌ መሆኑን ግን ገና አልነገርኳቸውም።

ፋርማሲ (ሳሙና በር)

እብጠቱ ለጥቂት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ካልሞቀ፣ ካልበሰለ፣ እያደገ ካልመጣ ተዪው። አትሺው።

ትዕግሥት (አራዳ)

በ14 ሳምንቱ ሁለቱ በአንድ ጭን ነው የሚገቡት አይደል ሲስተር? ለእኔ ልጅ ለያይቼ ስለነበር አላየሁትም።

ሲስተር ከክትባት ክፍል

አዎ። በመካከላቸው 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዋል፤ የትኛው ቦታ እንዳበጠ ለመለየት ነው። የናቲ እናት፣ አማትሽን ያን ቀንም ይዘሻቸው ነይ። ቀድመሽ ግን ንገሪያቸው።